ለውሃ ጋናችን ግድግዳ 45 ኩንታል ሲሚንቶ፦ የድጋፍ ጥሪ ከነስሌቱ

የተከበራችሁ የመንዝ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፦

ከሞላሌ ወጣ ብሎ በምትገኘው ቀበሌያችን የምንጩን ውሃ የሚያጠራቅመው ክብ የአርማታ ጋን ወለሉ ተሞልቶ አልቋል። ፌሮውም ተገዝቷል። የቀረው ግድግዳው፣ መሃል ላይ ጣሪያውን የሚሸከመው ክብ ምሰሶ እና ጣሪያው ነው። ጋኑ ሲያልቅ 47 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። የምንጠይቀው ለእነዚህ ሦስት ሥራዎች የሚሆን አርማታ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እያንዳንዱ ለጋሽ በራሱ ካልኩሌተር እንዲያረጋግጠው ስሌቱን እዚሁ እናስቀምጣለን።

የጋኑ የውስጥ ዲያሜትር 5 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 20 ሳንቲም፣ ቁመቱ ከወለሉ ጋር አብሮ ከተሞላው መነሻ በላይ 2.5 ሜትር ነው። ክብ ግድግዳ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዙሪያውን የትኛው ላይ እንደሚለካ ነው። በውስጥ በኩል ብንለካ ይጎድላል፣ በውጭ በኩል ብንለካ ይተርፋል። ትክክለኛው የግድግዳው ውፍረት መሃል ላይ የሚያልፈው ክብ ነው፤ ዲያሜትሩም የውስጡ 5 ሜትር ሲደመር አንድ ውፍረት፣ ማለትም 5.20 ሜትር ነው።

π × 5.20 × 0.20 × 2.50 = 8.17 ሜትር ኩብ

ማመሳከር የሚፈልግ የውጩን ክብ ስፋት ከውስጡ ይቀንስና በቁመት ያባዛ፤ ያው 8.17 ይመጣለታል። በስብሰባ ላይ ፓይን 3.14 እንያዝ ወይስ 22/7 የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። በዚህ ግድግዳ ላይ የሁለቱ ልዩነት 7 ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ባልዲ ቢሆን ነው። ፓይን 3 ብሎ መያዝ ግን 370 ሊትር ያጎድላል።

ምሰሶው 30 ሳንቲም ዲያሜትር ያለው ነው። እዚህ ላይ ዲያሜትሩን በግማሽ መክፈል የረሳ ሰው አራት እጥፍ ያዝዛል፦ ትክክሉ π × 0.15 × 0.15 × 2.50 = 0.18 ሲሆን፣ በስህተት 0.71 ይወጣል። ጣሪያው 15 ሳንቲም ውፍረት ኖሮት እስከ ግድግዳው ውጭ ጠርዝ ይደርሳል፤ የመግቢያው ቀዳዳ ሲቀነስ 3.38 ሜትር ኩብ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 11.73 ይሆናሉ። ለብክነት 5 በመቶ ጨምረን 12.3 ሜትር ኩብ ይዘናል። ወለሉ ሲሞላ በዚሁ መንገድ ከነብክነቱ 50 ከረጢት አስልተን ነበር፤ የገባውም 50 ነው።

ድብልቁ አንድ ለሁለት ለሦስት ነው፤ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል። በዚህ መሠረት የሚያስፈልገን ወደ ላይ ሲጠጋጋ 45 ኩንታል ሲሚንቶ (90 ከረጢት)፣ 7 ሜትር ኩብ አሸዋ እና 10 ሜትር ኩብ ጠጠር ነው። የውስጥ ልስን እና ቧንቧ በዚህ ጥሪ ውስጥ የሉም።

ስሌቱ ልክ ሆኖም አርማታ ሊያጥር ይችላል፤ ዋናው ምክንያት አርማታውን ቅርጽ የሚያስይዘው ካሳፎርማ ነው። አርማታ ሲፈስና በቫይብሬተር ሲመታ ካሳፎርማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የውጩ ላሜራ ዙሪያውን 2 ሳንቲም ብቻ ቢነፋ ግድግዳው 22 ሳንቲም ይሆንና 9.02 ሜትር ኩብ ይጠጣል። ይህ 850 ሊትር ብልጫ ነው፤ ከስድስት ከረጢት ሲሚንቶ በላይ ማለት ነው፤ ለግድግዳው የያዝነው 5 በመቶ ግማሹን እንኳ አይሸፍነውም። ስለዚህ ላሜራውን ዙሪያውን የሚያስሩ የፌሮ ቀለበቶች ከታች ጠበቅ ጠበቅ ብለው ይታሰራሉ፣ ምክንያቱም ግፊቱ የሚበረታው ከታች ነው። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል 20 ሳንቲም የሚጠብቁት ማራራቂያዎች ከአርማታ የተሠሩ ይሆናሉ። እንጨት ውስጥ ከቀረ ይበሰብስና ውሃ በዚያው ይወጣል። ከመሙላት በፊት ውፍረቱ ዙሪያውን ስምንት ቦታ ላይ፣ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ይለካል። በሙሌት ሰዓትም አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው መለኪያ ይዞ ይዞራል።

የአርማታ ማጠር ጉዳት ከገንዘቡ ይብሳል። እጥረቱ የሚታወቀው ቀኑ መሽቶ፣ ግድግዳው ሊያልቅ እጅ የሚያህል ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ሥራው ቆሞ በማግስቱ ሲቀጠል አዲሱ ከደረቀው ጋር አይዋሃድም። ጋኑ ውሃ ሲሞላ መጀመሪያ በመጋጠሚያው ላይ እርጥብ መስመር ይታያል፣ ቆይቶ ነጭ የኖራ ዝቃጭ ይወርድበታል፣ ውስጡ ያለው ፌሮም መዛግ ይጀምራል። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ እንዳያሾልክ የሚያግድ ዋተር ስቶፕ አስገብተናል፤ በግድግዳው ወገብ ላይ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ግድግዳው በአንድ ቀን ያልቃል።

አሞላሉ ዙሪያውን እየዞሩ በ40 ሳንቲም ከፍታ ነው። አንዱ ዙር 1.31 ሜትር ኩብ ይወስዳል። አንድ ከረጢት የሚያቦካ ሚክሰር በአንድ ጊዜ 140 ሊትር ያህል ስለሚሰጥ ዙሩ በዘጠኝ ተኩል ቡኮ ይሞላል። አንዱ ቡኮ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ከሃምሳ ደቂቃ በታች ወደ ጀመርንበት እንመለሳለን፤ የታችኛው አርማታ ገና ለስላሳ ስለሆነ ቫይብሬተሩ ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። ጠቅላላው ግድግዳ አምስት ሰዓት ግድም ይፈጃል። ሚክሰሩ መሃል ላይ ለሁለት ሰዓት ቢበላሽ ግን ያው መጋጠሚያ ይፈጠራል። በዚህ የተነሳ ከሲሚንቶው ቀጥሎ አጥብቀን የምንለምነው ለአንድ ቀን ብቻ ሁለተኛ ሚክሰርና መጠባበቂያ ቫይብሬተር የሚያውሰን ሰው ነው።

ቀኑም ያስጨንቀናል። በእኛ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ያልጠነከረ አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ ሲበርድ በረዶ ይሆንና አካሉን ይሰነጥቀዋል፤ ጠዋት ላዩ በጣት ሲፋቅ ይረግፋል። ስለዚህ ሙሌቱን የካቲት ላይ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን እናካሂዳለን፤ ዕቃው እስከ ጥር 30 መግባት አለበት። ሲሚንቶ ከዚያ በጣም ቀድሞ ቢገባ ደግሞ እርጥበት ይጠጣና ይጓጉላል። ቀድማችሁ የምትሰጡ በቃል አስመዝግቡን፣ ስንጠራችሁ አስረክቡ።

ድጋፋችሁን በቀለበት ብትቆጥሩት ይቀላል። ግድግዳው በ10 ሳንቲም ከፍታ ሲቆረጥ 25 ቀለበት ይሆናል። አንዱ ቀለበት ከነብክነቱ ሁለት ተኩል ከረጢት ሲሚንቶ፣ 180 ሊትር አሸዋና 270 ሊትር ጠጠር ይፈልጋል። ከረጢት ስለማይከፈል ሁለት ሆናችሁ ሁለት ቀለበት፣ አምስት ከረጢት ብትይዙ ይመረጣል። ምሰሶውን ለብቻው አንድ ቤተሰብ ሊሸፍነው ይችላል፤ አንድ ከረጢት ተኩል አይሞላም። ጣሪያው 26 ከረጢት ነው፤ እድር ወይም ማኅበር ቢወስደው ደስ ይለናል።

ጥቁር ድንጋዩ ከደጃችን ስላለ ጠጠሩን ነዋሪው እየፈለጠ ነው፤ አሸዋው ግን ከቆላ ይጫናል፣ የመኪና ኪራይ የሚችል ያግዘን። የቆየ ጆንያም አትጣሉ። ካሳፎርማው ከተነሳ በኋላ ግድግዳው ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ይቆያል፤ 42 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ያስፈልገናል።

ገንዘብ የምትልኩ በዕለቱ የሲሚንቶ ዋጋ በከረጢት አስልታችሁ፣ ለቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ብቻ አስገቡ፤ ደረሰኝ ላይ የብሩ መጠንና የከረጢቱ ብዛት ሁለቱም ይጻፋሉ። በሙሌቱ ቀን የተከፈተው ከረጢት እየተቆጠረ ይመዘገባል። የተረፈ ሲሚንቶ ካለ ለውስጥ ልስኑ ይቀመጣል።

የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ