ይድረስ ለአዘጋጁ፦ በእጥፍ ያተረፍነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በፊት ገጻችሁ ያወጣችሁትን የምንዛሪ ዘገባ ብዙ ሰው አንብቦታል። እኔም አንብቤዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ልለፈውና አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ልቁም። «ከ2011 እስከ 2016 ዓ.ም. ዶላር ከ29 ብር ወደ 57 ብር ከፍ በማለቱ የላኪዎች ጥቅም በእጥፍ አድጓል» ይላል። ከሥሩም እኛን የሐዋሳ ላኪዎችን ከተጠቃሚዎቹ መሐል ይደረድረናል።

እሰይ! ማን ይጠላል? ግን በእጥፍ ተጠቅሜ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የሸማኔዎቼን ደመወዝ ለመክፈል ከወንድሜ ብር የተበደርኩት ምን ነክቶኝ ነው?

ሐዋሳ ውስጥ የእጅ ሽመና ሻርፕ አሠርቼ አሜሪካ ላሉ ትንንሽ ሱቆች እልካለሁ። ጥጡ የአገር ውስጥ ነው። ፈታዮቹ፣ ሸማኔዎቹ፣ ጫፍ የሚቋጥሩት ልጆች ሁሉም የሚከፈሉት በብር ነው። የቤት ኪራዩም በብር ነው። በዶላር የማገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሻርፑን ዋጋ። ዘጋቢያችሁ ስልክ ደውሎልኝ ይህን ሁሉ ረጋ ብዬ ነግሬዋለሁ። ጋዜጣው ሲወጣ ግን የእኔ ቃል የለም፤ የሌላም የሐዋሳ ሰው ቃል የለም። ስለ እኛ ትርፍ የተናገሩት በሙሉ አዲስ አበባ የተቀመጡ ናቸው። ይሁን።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለስሌት እንዲመች ቁጥሩን ላጠጋጋው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አንድ ሻርፕ በ10 ዶላር ሸጥኩ እንበል። በ29 ሲመታ 290 ብር ነው። ለማሠራት 250 ብር አወጣሁ። 40 ብር ቀረኝ። በዚህ እንስማማ።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዶላር 57 ብር ገብቷል። እስከዚህ ዘገባችሁ ልክ ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት አሜሪካም ዋጋ ጨምሯል፤ ከ20 በመቶ በላይ። ስለዚህ ደንበኛዬ ደግ ሆኖ ዋጋውን በ22 በመቶ ከፍ አደረገልኝ እንበል፤ 12 ዶላር ከ20 ሳንቲም። (ደንበኞቼን ስለማውቃቸው ይህ ራሱ ምኞት ነው።) በ57 ሲመታ 695 ብር ይሆናል። አያችሁ? ከ290 ወደ 695! ከእጥፍም በላይ ነው። ዘጋቢያችሁ እዚህ ላይ ካልኩሌተሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ግን ገበያ መውጣት አለብኝ። በዚያው አምስት ዓመት የአገራችን ዋጋ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኗል። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ አልፎ እንደነበር እናንተው በየወሩ ትጽፉ ነበር። ሸማኔው ጤፍ ይበላል፤ ልጅ ያስተምራል። ሂሳቡ ሲደርስ «እትዬ፣ በዚህ አይቻልም» ሲለኝ ምን ልመልስለት? የምንዛሪ ዘገባ ላንብብለት? ጨመርኩለት። ጥጡም ጨመረ፤ ኪራዩም ጨመረ። ወጪዬም በሦስት ሲባዛ 750 ብር ደረሰ። 695 ብር አስገብቼ 750 ብር አወጣሁ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሻርፕ 55 ብር ከኪሴ። «ተጠቃሚ» ያላችሁኝ ይህችን ሴት ነው።

ዘገባችሁ ያየው ኖሚናል የሚባለውን የምንዛሪ ተመን ነው፤ ባንክ ቤት ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን። ላኪን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው ግን ሪል የሚባለው ነው። አወጣጡ ከባድ አይደለም። የሰሌዳውን ተመን በውጭ አገር ዋጋ ታባዙታላችሁ፤ ለአገር ውስጥ ዋጋ ታካፍሉታላችሁ። ዶላር ሁለት እጥፍ ሆነ፤ የአሜሪካ ዋጋ በአንድ ነጥብ ሃያ ሁለት አደገ፤ የእኛ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሁለትን በአንድ ነጥብ ሃያ ሁለት አባዝታችሁ ለሦስት ስታካፍሉት ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ገደማ ይወጣል። የላኪው ዶላር አገር ውስጥ የመግዛት አቅሙን አንድ አምስተኛ አጥቷል ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ብር በግማሽ ረከሰ፤ በእውነተኛው ሒሳብ ግን ብር ጠነከረ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይሆናሉ፤ ሆነውም አይተናል። ብሔራዊ ባንክ ዶላሩን በሳንቲም በሳንቲም ሲያስኬደው ዋጋው በብር በብር ይሮጥ ነበር።

ታዲያ በ2011 ዓ.ም. የነበርኩበት ቦታ ላይ ለመቆየት ብቻ ዶላሩ ስንት መሆን ነበረበት? 29ን በሦስት አባዙና ለአንድ ነጥብ ሃያ ሁለት አካፍሉ፤ 71 ብር ገደማ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላሩን በ74 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ጀመረ። አገር ሁሉ «ብር ተሰባበረ» ብሎ ጮኸ፤ እናንተም በትልቁ ጻፋችሁት። በእኔ ሒሳብ ግን ያ የመጀመሪያ ቀን ተመን አምስት ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ እንጂ ብዙም ተአምር አልነበረውም። ከዚያ በላይ የሄደው ነው ትንፋሽ የሰጠኝ።

አንዱ «ጠንካራ ብር ከሆነ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ይረክስልሻል» ይለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከውጭ የሚመጣ አንድ ነገር አለኝ፤ የክር ማቅለሚያ። በመንግሥት ተመን ዶላር አግኝቶ ቀለም ያስገባ ነጋዴ እኔ አላጋጠመኝም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የጥቁር ገበያው ዶላር ከ100 ብር በላይ ነበር። ቀለም ሻጩ ዋጋውን የሚያወጣው በዚያኛው ነበር። የእኔ ዶላር ግን በባንክ ስለሚገባ የሚመነዘረው በ57 ነበር። ስሸጥ በ57፣ ስገዛ ከ100 በላይ! የብር ጥንካሬ ለእኔ ሲደርስ ጉዳቱ ብቻ ነው የደረሰው። በዚያ ዘመን በኪሳራ ልከው፣ በዶላሩ ዕቃ አስገብተው፣ ኪሳራቸውን ከአስመጪነቱ የሚያካክሱ ላኪዎች እንደነበሩ ንግዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። እነሱ ገበያ ላይ በውድ ሲገዙ ከእኛ የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ። እኔ መኪና አላስገባም። ሻርፕ ብቻ ነው የምልከው።

አሁን ደግሞ የዘገባችሁን መደምደሚያ ልንካው። «ብር መጠንከር ቢጀምር ለሁሉም የምሥራች ነው» ብላችሁ ዘጋችሁት። ለሁሉም? ወደ 2011 ዓ.ም. ሻርፕ እንመለስ፤ 290 ሸጬ 250 አውጥቼ 40 የቀረችኝ። ዶላር በ10 በመቶ ብቻ ረከሰ እንበል። 290 የነበረው 261 ይሆናል። ወጪዬ በብር ስለሆነ እዚያው 250 ላይ ነው፤ ሸማኔ «ብር ጠንክሯልና ደመወዜን ቀንሺልኝ» ብሎ አያውቅም። ትርፌ ከ40 ወደ 11 ብር ወረደ። ዶላሩ የወረደው በአንድ አሥረኛ ነው፤ ትርፌ ግን ከሩብ ብዙም አልተረፈም። «ዋጋ ጨምሪ» ትሉኝ ይሆናል። ያቺን ገቢ ለመመለስ ሻርፑን 11 ዶላር ከ10 ሳንቲም ማለት አለብኝ። ገዢው የሕንድ ሻርፕ ናሙናም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶለታል። የብርን ነገር ምን አገባው?

ጉዳቱ ለሁሉም ላኪ እኩል ነው አልልም። እዚሁ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጨርቅ ከውጭ አስገብቶ ሰፍቶ የሚልክ ፋብሪካ የጨርቁ ወጪም በዶላር ነው። ብር ሲጠነክር የሚጎዳው በደመወዙ፣ በመብራቱና በአገር ውስጥ ትራንስፖርቱ በኩል ነው። የጨርቁ ሒሳብ አይነካም። (አጎዋ በመቅረቱ የደረሰባቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛም ቀምሰነዋል።) በደንብ የሚመታው እንደ እኔ ከጥጡ እስከ ጫፍ ቋጠሮው አገር ውስጥ የሚያሠራው ነው። ያ ሁሌ «የአገር ምርት» እያላችሁ የምታሞግሱት ማለት ነው።

ብር ይውደቅ እያልኩም አይደለም። እኔም ዘይት እገዛለሁ፤ መድኃኒት እገዛለሁ። ብር ሲረክስ ነዳጁ ይወደዳል፤ ነዳጁ ሁሉንም ይዞ ይወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሸማኔዬ ሒሳቡን ይዞ ይመጣል። የተገኘው ትንፋሽ እንዲህ ተመልሶ ይበላል። ለዚህ ነው ሰሌዳው ላይ ዶላር መጨመሩን ብቻ አይቶ ላኪ ደላው ማለት የማይቻለው።

ዘጋቢያችሁ በሚቀጥለው ሲጽፍ ሦስት ቁጥር ይያዝ፤ ዶላሩ በዓመት ስንት ጨመረ፣ የእኛ ዋጋ ስንት ጨመረ፣ የገዢው አገር ዋጋ ስንት ጨመረ። የእኛ 15 በመቶ፣ የእነሱ 3 በመቶ ቢሆን ልዩነቱ 12 ነው። ዶላሩ ወደ 12 በመቶ ካልጨመረ ላኪው እየከሰረ ነው፤ 10 በመቶ ጨምሮ «ብር ወደቀ» ብትሉም እንኳ በሪል ሒሳቡ ብር ጠንክሯል። አሜሪካን ብቻ ሳይሆን ብዙ የንግድ ሸሪክ አገሮችን አንድ ላይ መዝኖ የሚሠራውን መለኪያ ብሔራዊ ባንክ ራሱ በሪፖርቶቹ ያወጣዋል። ፈልጎ ማንበብ ስልክ ደውሎ የሰውን ቃል ከመጣል ይቀላል።

እኔ የምጠይቀው ማስተካከያ አጭር ነው። «የላኪዎች ጥቅም በእጥፍ አድጓል» የሚለው ይነሣና «የላኪዎች የብር ገቢ ጨምሯል፤ የመግዛት አቅሙ ግን ቀንሷል» ተብሎ ይታረም። ያኛው በፊት ገጽ እንደወጣ ይኼኛውም በፊት ገጽ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሽመና ውጤቶች ላኪ፣ ከሐዋሳ