የሳይንስ ክበብ፦ ገመዱ በ5 ሴንቲ ሜትር ያለፈው አስኳል

ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በኳስ ሜዳው ላይ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ማንም ወርዶ ያላየው የመሬት ውስጥ፣ ከላዩ ጠንካራ ከሥሩ ፈሳሽ መሆኑ በምን ታወቀ? መልሱ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ወደ መሬት መሀል፣ ወደ አስኳሉ ሲጠጋ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

ሥራው የተጀመረው መሬትን በሜዳው ላይ በመሳል ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር በ1 ሜትር ተተካ። መሀል ላይ ችካል ተተክሎ 6.37 ሜትር በሆነ ገመድ የመሬት ገጽ፣ 3.48 ሜትር በሆነው ደግሞ የአስኳሉ ዳርቻ በአመድ ተሰመረ። በዚህ ልክ በውጪው ክብ ላይ 1 ዲግሪ ማለት 11.1 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ገመድ ናይለን ስለነበር ሲሳብ ተለጠጠና ክቡ ሳይገጥም ቀረ። በቃጫ ገመድ ተተካ። ሜዳውን ለመሳል የሚያስብ ሌላ ትምህርት ቤት ካለ ከዚህ ይጀምር፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይታያል።

በክቡ ላይ አንድ ቦታ «ጎጃም» ተብሎ ተመረጠና ከደብረ ማርቆስ ያለው ርቀት በዲግሪ ተሰልቶ ሁለት ችካሎች ተተከሉ። አንደኛው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጃፓን የተናወጠችበት ቦታ ሲሆን 95 ዲግሪ ላይ ይውላል። ሁለተኛው በየካቲት 2002 ዓ.ም. ቺሊ የተናወጠችበት ነው፤ እሱ 112.7 ዲግሪ ላይ፣ በክቡ ዙሪያ ሲለካ 12.53 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ችካል እስከ ጎጃም ገመድ ተወጠረ።

የጃፓኑ ገመድ ከአስኳሉ ርቆ አለፈ። የቺሊውም አልነካም፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳተ። ክርክሩ የተነሳው እዚህ ነው። በመማሪያ መጽሐፉ መሠረት መንቀጥቀጡ ከደረሰበት ቦታ ከ103 እስከ 142 ዲግሪ ድረስ ያለው የጥላ ቀጠና ነው፤ ቀጥተኛው ሞገድ አይደርስበትም። ታዲያ ገመዱ አስኳሉን ካልነካ ቺሊ እንዴት ጥላ ውስጥ ገባች? ግማሹ ተማሪ አመዱ ተዛብቷል አለ። እንደገና ተለካ፤ አልተዛባም።

የተሳሳተው ገመዱ ራሱ ነው። ሞገድ በመሬት ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ፒ የሚባለው፣ እየገፋ የሚሄደው ሞገድ አስኳሉን በከበበው ጠጣር አለት፣ በማንትል አናት ላይ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ፍጥነቱ 13.7 ይሆናል። ወደ ታች በፈጠነ ቁጥር መንገዱ ይታጠፍና ቅርጹ እንደ ድስት ሆድ ይጎብጣል። ስለዚህ ከተወጠረው ገመድ በታች ይወርዳል፤ በ5 ሴንቲ ሜትር የተረፈው የቺሊ መስመርም ሲጎብጥ አስኳሉ ላይ ይወድቃል። በቀጥታ መስመር ቢሆን ጥላው በ114 ዲግሪ በጀመረ ነበር። አስኳሉ ውስጥ የገባው ፒ ፍጥነቱ በድንገት ወደ 8 ስለሚወርድ ወደ መሀል ተሰብሮ ከ142 ዲግሪ ወዲያ ይወጣል። ጥላው ግን ድፍን ጨለማ አይደለም፤ በአስኳሉ ጠርዝ ዞሮ የሚመጣ ደካማ ሞገድ ይመዘገባል።

ይህ አስኳል መኖሩን ያሳያል እንጂ ፈሳሽ መሆኑን አያሳይም። ለዚያ ኤስ የሚባለው ሌላው የመንቀጥቀጥ ሞገድ ያስፈልጋል። ኤስ መሬቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ስለሚሄድ የሚያልፍበት ነገር ተያይዞ መቆም አለበት። 10 ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ክንድ ለክንድ ተቆላለፉ። የመጀመሪያው ወደ ፊት ሲጎነበስ ጉንበሳው እስከ ዳር ደረሰ። ክንዳቸውን ሲፈቱ ጉንበሳው አንደኛው ጋ ቀረ፤ ከጎን የመጣ ግፊት ግን አሁንም አለፈ። ግፊቱ ፒ፣ ጉንበሳው ኤስ ነው። አጠገቡ ያለውን አይቶ ቀድሞ የሚጎነበስ ስለማይጠፋ ዓይን ጨፍኖ መሥራት ግድ ነው። አለበለዚያ «ፈሳሹም» ኤስን ያሳልፋል!

ኤስ በአስኳሉ ውስጥ አለመታየቱ ብቻውን ሊቃውንቱን ቶሎ አላሳመነም፤ ያልታየ ሞገድ ደክሞ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው የመሬት ሳይንስ ሊቅ ሃሮልድ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1926 ሌላ ማስረጃ ጨመረበት። ጨረቃና ፀሐይ መሬትን ሲስቧት ምን ያህል እንደምትለጠጥ ሲሰላ፣ መሬት በጠቅላላው ከማንትሏ ይልቅ ለስላሳ ሆና ተገኘች። ማንትሉ ጠንካራነቱ በኤስ ፍጥነት ስለተረጋገጠ ልስላሴው የአስኳሉ መሆን አለበት።

ከ10 ዓመት በኋላ ዴንማርካዊቷ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ኢንገ ሌማን በጥላው ቀጠና ውስጥ የተገኙ፣ በጠርዝ ዞሮ በሚመጣው ሞገድ የማይብራሩ ደካማ የፒ ምልክቶችን መረመረች። እ.ኤ.አ. በ1929 በኒው ዚላንድ ከደረሰው መንቀጥቀጥ የተመዘገቡ ናቸው። ከፈሳሹ ውስጥ ሌላ አካል እንዳለና ሞገዱን ወደ ጥላው ቀጠና እንደሚመልሰው ደመደመች። በሜዳው ልክ የዚህ አካል ራዲየስ 1.22 ሜትር ነው። ገመዱ ተቆርጦ ከላቦራቶሪው ቁልፍ ጋር ተሰቅሏል፤ ክቡን ለማስመር ስንነሳ ዝናቡ ቀድሞ አመዱን አጠበው።