ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጡ ጎረቤቶች እንፈልጋለን

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለቀበናና ለአካባቢው ሰው ነው። ሰፈራችን ውስጥ የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም ልንሠራ ነው፤ የሚተውኑትም ጎረቤቶቻችን እንዲሆኑ እንፈልጋለን። ቴሌግራም ላይ ለጥፈነው ወጣቶቹ አይተውታል። በብዛት የሚያስፈልጉን ግን እናቶችና አባቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ጋዜጣችሁን ተቀባብለው ያነባሉ።

ታሪኩ የአንድ እድር ጡሩምባ ነፊ ታሪክ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በየመንደሩ የሚለፍፈው እሱ ነው። አንድ ቀን የእድሩ ወጣቶች "ከእንግዲህ በስልክ መልእክት ይላክ" ይላሉ፤ ይወሰናል። ብዙም ሳይቆይ የገዛ ጓደኛው ይሞታል። እሱ ስልክ የለውም። ለሰፈሩ ሁሉ ሲያረዳ የኖረው ሰው ድንኳኑ ውስጥ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ለድንኳኑ 25 ሰው እንፈልጋለን። አብዛኛው አይናገርም፤ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቆረጥማል፣ ሰውየው ሲገባ ቀና ብሎ ያያል። አራት ሰዎች ጥግ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ንግግር ያላቸው ስድስት ብቻ ናቸው። የሚናገሩትን እኛው ስለምንነግራቸው ማንበብ የማይችል ሰው አይቸገርም። ሦስት ወጣቶችና ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡ ሁለት ልጆችም ያስፈልጉናል።

አንድ ነገር በግልጽ ላንሳ። ሐሳቡን መጀመሪያ ያማከርኳቸው አንዲት እናት "ልጄ፣ በሌለ ሬሳ ማልቀስ ሟርት ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔም ቤት ውስጥ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ቀየርነው። የሬሳ ሳጥን አይታይም። ሙሾ አይወረድም፤ ደረት አይመታም። የሟቹ ፎቶ አይሰቀልም፣ ስሙም አይጠራም። የምናሳየው ከቀብር መልስ ያለውን ቁጭ ብሎ ማስተዛዘን ብቻ ነው። እኚህ እናት ይህን ሲሰሙ "እሱማ ወግ ነው" ብለው ተስማሙ፤ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ።

ጡሩምባውም ሌላ ጭንቀት ነበር። ሰፈር መሃል በማለዳ ብንነፋው ሰው "ማን ሞተ?" ብሎ ከየቤቱ ይወጣል። ስለዚህ ቀረጻው ላይ ጡሩምባው አፉ በጨርቅ ተወትፎ ነው የሚነፋው። ድምፁን ለብቻው እንጦጦ ጫካ ወጥተን እንቀዳለን፤ በኋላ ከምስሉ ጋር ይገጠማል። ድንኳኑን ያዋሰን እድሩ ነው። በእነዚያ ቀናት እውነተኛ ሐዘን ከደረሰ ድንኳኑ ወዲያው ይነሳል፣ ቀረጻውም ይቆማል። ከኮሚቴው ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ምዝገባው ጥቅምት 30 እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በእድሩ ቤት ነው። ልምምዱ ኅዳር 3 ረቡዕ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይሆናል። ቀረጻው ሦስት ቀን ነው፦ ኅዳር 6 ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 እሑድና ኅዳር 13 ቅዳሜ። ኅዳር 14ን ሆን ብለን ትተነዋል። በማግስቱ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በዚያ ቀን ሰው ከቤተሰቡ ጋር መሆን ይፈልጋል።

ኅዳር 6 የሚቀረጸው የመንገዱ ክፍል ነው። የሚመለከተው ጡሩምባ ነፊውን፣ ወጣቶቹንና ልጆቹን ብቻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገናኝተን 4 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። በማለዳ የምንጀምረው ለጸሐዩ ስንል ነው። ጠዋት ጸሐይዋ ከጎን ስለምትመጣ ፊት በደንብ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ግን አናት ላይ ትሆንና ዓይን ሁሉ ጥላ ውስጥ ይገባል። የኅዳር ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፤ ጋቢ አትርሱ።

የድንኳኑ ሁለት ቀን፣ ኅዳር 7 እና 13፣ ከ5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። እዚያ ሸራው ጸሐዩን ስለሚያለዝበው እኩለ ቀን አያስቸግረንም። ሁለቱንም ቀን በተመሳሳይ ሰዓት የምንጀምረው ብርሃኑ እንዲመሳሰል ነው። ፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ቀናት አንድ ከሰዓት በኋላ ሆነው ነው የሚታዩት። ስለዚህ ኅዳር 7 የለበሳችሁትን ልብስ ኅዳር 13ም ልበሱ፤ የተቀመጣችሁበትም ቦታ ያው ይሆናል። ነጠላ ጥለቱ ወደ አንገት ይሁን፤ የሐዘን ነውና። አዲስ ነጭ ነጠላ ካሜራው ላይ አብረቅርቆ ፊትን ስለሚያጠፋ የቆየ፣ ፈዘዝ ያለ ብታመጡ ይመረጣል።

ምግቡን በደንብ ማስረዳት አለብኝ፤ አምና የወደቅነው በሱ ነው። ሦስት ደቂቃ የሚሆን ሙከራ ስንቀርጽ ሰውን "ምሳ በልታችሁ 8 ሰዓት ተመለሱ" ብለን አሰናበትን። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ 19 ሰው ነበር፤ ከሰዓት የተመለሰው ሰባት ነው። አንዷ ከቤቷ ጥቁር ነጠላ ቀይራ መጣች። ምስሉን ስናያይዘው ለቀስተኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ብን ብሎ ጠፋ፤ የሴትየዋ ነጠላም ከነጭ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ጠዋቱን ሙሉ የደከምንበት ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ዘንድሮ ማንም ምሳ ፍለጋ አይወጣም። በድንኳኑ ቀናት ልክ 5 ሰዓት ላይ ምሳ እንበላለን፤ ከቅዳሴ የሚመጣ ሰው በባዶ ሆድ አይቀመጥም። ቀረጻው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል፤ የዙሁር ሰላት ያለበትም ሰግዶ ይደርሳል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለቡናና ለቆሎ እናርፋለን፤ የአስር ሰላትም በዚያው ይሰገዳል።

ምግቡ ሦስቱንም ቀን የጾም ነው። ለምን ቅዳሜና እሑድ ሥጋ የለም የሚል ይኖራል። ሰፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። ሥጋ ከገባ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ይሆናል። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ድንች በካሮት ከሆነ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ከቀራጮቹ ጋር 45 ሰው ስለምንሆን ለአንድ ቀን 90 እንጀራ ይበቃናል ብለናል። ኅዳር 6 ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ሥራው ሲያልቅ ፍርፍር አለ። የሚያቅለሸልሽ ነገር ወይም የሐኪም ክልከላ ያለበት ሰው ምዝገባው ላይ ይንገረን።

የንፍሮው ግን ሌላ ነው፤ እሱ የምትተውኑበት ነው። አንዱ ትዕይንት ስድስትና ሰባት ጊዜ ይደገማል። በእያንዳንዱ ጊዜ እፍኝ ሙሉ የቆረጠመ ሰው ሁለተኛው ሰዓት ላይ ሆዱ ይነፋል። ሦስት አራት ፍሬ አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ አኝኩ። በየትኛው እጃችሁ እንዳነሳችሁም አስታውሱ።

ክፍያ የለም። ምግብና ከሩቅ ለሚመጣ የታክሲ ብቻ እንሸፍናለን። ምስላችሁን እንድንጠቀም የፈቃድ ወረቀት ትፈርማላችሁ፤ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ከተነበበላችሁ በኋላ ነው የምትፈርሙት። ለልጆቹ ወላጅ ይፈርማል። ፊልሙ እንዳለቀ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው የእድሩ ቤት ውስጥ ነው። "እኔ እዚህ ጋ ባልታይ ይሻለኛል" የሚል ሰው ካለ ሌላ ቦታ ከመሄዱ በፊት እናወጣለታለን።

ጡሩምባ ነፊውን የሚጫወት ሰው ገና አላገኘንም። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ፣ ዳገቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መውጣት የማይከብደው አባት እንፈልጋለን። ከዚህ በፊት ጡሩምባ ነፍቶ የሚያውቅ ቢሆን ደስ ይለናል። አባታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ እሑድ 9 ሰዓት ላይ ይዛችሁት ኑ።

አክባሪያችሁ፣
የፊልሙ ዳይሬክተር፣ የቀበና ነዋሪ