ሁለት ክላክስ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ሦስት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል። በስልክ መጻፍ ሞክሬ ነበር። እየጻፍኩ እያጠፋሁ አንድ ሳምንት አለፈኝ። በወረቀት ይሻላል አልኩ፣ ቢያንስ እዚህ ማጥፋት አይቀልም።

ያጣላንን ነገር ታስታውሻለሽ። ፒያሳ ተቀምጠን ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እኔ በሩን በሩን አያለሁ፣ ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። «ይሄ ሰውዬ አይመጣም። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ መቼም አይመጣም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ቀንተሽ ነው አልኩሽ። እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ በምን ልትቀኚ ነው? በቀዘቀዘው ማኪያቶ? ማታውኑ ቁጥርሽን ብሎክ አደረግኩት። እሱ የዚያን ቀን ስልኩን ዘግቶ ነበር። የሰው ነገር! ስልኩን የዘጋውን ትቼ አጠገቤ የተቀመጠችውን አባረርኩ።

የኮምቦልቻውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁለቱን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፣ አልደግማቸውም። አንዱ ውጭ አገር ሆኖ በየስድስት ወሩ «ፕሮሰሱ ሊያልቅ ነው» የሚለው፣ አንዱ ደግሞ ከቀድሞዋ ጋር ገና ያልተለያየው። ሦስቱ በመልክም በጠባይም አይገናኙም። ለዚህ ነው ሁሌ «ዕድሌ ነው» እያልኩ የኖርኩት። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሦስቱም ሊመጡ ነበር።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ወጥቶ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያንን መንገድ ነው ሰውዬው ዓመታት ያቃተው። ቅዳሜ ቅዳሜን ደብተሬ ጀርባ ላይ እየጻፍኩ፣ የመጣ ቀን እጭር ነበር። ከተለያየን በኋላ ቆጠርኩት። ከቀጠረኝ 26 ቅዳሜ የመጣው 9ኙን ነው። ሲመጣ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፣ ያስቃል፣ እጄን ይይዛል፣ ቤቱ ሁሉ ይሞላል። እሁድ ጠዋት ሲሄድ እንደገና መጠበቅ ይጀመራል። በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። የበለጠ የወደድኩት በቀጠረኝ ቀን ከቀረ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ነው። ደብተሩ ላይ ራሴ የጻፍኩት አለ።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደበራልኝ ላውጋሽ። እናቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የእህቴ ትንሿ ልጅ፣ ምላሷ አያርፍም፣ «አክስቴ፣ ያ ሰውዬ ለምን አይመጣም?» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «ምን ያድርግ፣ ለእንጀራ እኮ ነው» አልኳት። እናቴ ቡናውን እየቆላች ቀና አለችና ሳቀች። «ቃሌን ሰረቅሽኝ» አለች።

እኔ አልሳቅኩም።

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር እንደነበር ታውቂያለሽ፣ ግን ብዙ አውርቼልሽ አላውቅም። ያደግነው ኮምቦልቻ፣ የባቲ መንገድ ዳር ነው። ኤንትሬውን ከነተሳቢው ይዞ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርዳል። መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። ወደብ ላይ ወረፋ አለ፣ ጎማ አለ፣ ሙቀቱ አለ። አንዳንዴ በሳምንቱ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወር ያልፋል። ስልክ የለም። ያለው ክላክስ ብቻ ነው። ሰፈር ሲደርስ ሁለቴ ያንባርቃል፣ ያን ጊዜ ቤታችን ዓውደ ዓመት ይሆናል። ተምር፣ ብስኩት፣ ሽርጥ፣ የነዳጅ ሽታ። ሌሊት ላይ የሌላ ሰው መኪና ክላክስ ሲያደርግ ሁሉ ከእንቅልፌ እነቃ ነበር። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የሄደበትን ቀን በከሰል እጭር ነበር። ጭረቱን አየሽው? ደብተሬ ላይ ያለው እሱው ነው።

በ1990 ግንቦት ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የአሰብ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ከሁለት ወር በኋላ ሁለት ክላክስ ተሰማ። መስመሩ ወደ ጅቡቲ ዞሮ እሱም እዚያ ሲመላለስ ቆይቷል። ሁሉም ወጥቶ አቀፈው። እኔ የሆንኩትን አላስታውስም ነበር፣ እናቴ ናት ያን ቀን ቡናው ላይ የነገረችኝ። ጓዳ ገብቼ ከሌማቱ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ቢጠሩኝ ወይ ፍንክች። ማታ ግን ጫማውን አቅፌ ተኝቼ አገኙኝ።

ይህን ይዤ እዚህ ደሴ ያለች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ሳትስቂ ስሚኝ፣ አምስት ጊዜ ነው የሄድኩት። ስለ ጓዳው ስነግራት ሜሪ ኤንስዎርዝ ስለምትባል ተመራማሪ አወራችኝ። አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት ከእናታቸው ጋር አንድ ክፍል ታስገባለች። እናትየዋ ሁለት ጊዜ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ጠቅላላው 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰው የሚመስለው ዋናው ነገር ልጁ ስትወጣ ማልቀሱ ነው። አይደለም። ዋናው ስትመለስ የሚያደርገው ነው። አንዳንዱ ይሮጥና ታቅፎ ዝም ይላል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አንዳንዱ ተጣብቆም ይመታታል፣ ቢያባብሉትም አይረጋጋም። አንዳንዱ ደግሞ ቀናም አይልም፣ አሻንጉሊቱን ያያል። ምንም ያልመሰለው ይመስላል። በኋላ ሌሎች ሲለኩ ግን የዚያም ልጅ ልብ ይደልቅ ነበር። እኔ እንግዲህ ሁለቱን ነኝ፣ ቀን ጓዳ ውስጥ፣ ማታ ጫማው ላይ።

ሴትየዋ ጠንቃቃ ናት። «አንቺ ያኔ ሕፃን አልነበርሽም፣ ይህ ምርመራም አይደለም» አለችኝ። የልጅነት ነገር ዝንባሌ ይተዋል እንጂ ትልቅ ሰው ስትሆኚ የሚሆነውን አይወስንም አለች። እውነቷን ነው፣ ወንድሜ እዚያው ቤት አድጎ በሰላም ሚስት አግብቶ ይኖራል። ግን እሱ ያኔ የሚያጫውተው አጎታችን ነበረው። እኔ ግድግዳ ነበረኝ።

ከጠበቅኩት በላይ ያመመኝ የአባቴ መቅረት አይደለም። ስለ መቅረቱ መናገር አለመቻሌ ነው። «ለምን አይመጣም?» ስል መልሱ አንድ ነው፣ «ለእንጀራ ነው፣ ለአንቺው ብሎ ነው።» እናቴን አልወቅሳትም፣ እውነት ነበር። ግን ለእኔው ብሎ ከቀረ ማንን ልቆጣ? ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ሆንኩ። አንደኛ እወጣለሁ፣ ካርዴን ሳላጥፍ ለእሱ አስቀምጣለሁ። ጎበዝ ከሆንኩ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ እውነትም ይመጣ ነበር፣ ችግሩ እሱ ነው። ጭራሽ ባይመጣ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ስኪነር የሚባለው ሰውዬ በእርግቦች ያየው ይህንኑ ነው አለችኝ። ቁልፍ በነካች ቁጥር ጥሬ የምታገኝ እርግብ፣ ጥሬው ሲቋረጥ ቶሎ ትተዋለች። አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቅ የምታገኘው ግን ጥሬው ከቆመ በኋላም ትነካለች፣ ትነካለች። 26 ቅዳሜ!

አሁን መምህሩን አስቢው። አንቺ ያስተዋወቅሽኝን። ማታ 12 ሰዓት ሲል ይደውላል። እመጣለሁ ካለ ይመጣል፣ ከዘገየ የት እንዳለ ይናገራል። በሁለት ወሩ «ደበረኝ፣ ኬሚስትሪ የለንም» ብዬሽ ተውኩት። አፍሽን ይዘሽ ቀረሽ። ያኔ ያልገባኝ፣ እኔ ፍቅር የምለው ነገር ሆዴ ሲገላበጥ ነበር። ጆሮዬ ክላክስ ሲጠብቅ። መምህሩ ሆዴን አላገላበጠውም፣ ስለዚህ ፍቅር አይደለም አልኩ። አሁን አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት። ሆጤ አካባቢ አየሁት፣ ሰላም ተባብለን ተላለፍን። እንደዚያ ነው።

የኮምቦልቻውንም የተውኩት በጀግንነት አይደለም። ባለሙያዋ አንድ ነገር ብቻ ሞክሪ አለችኝ፣ የምፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሳላኮርፍና ሳልለማመጥ መናገር። ከዚያ ቃሉን ትቶ እግሩን ማየት። ደወልኩና «በየሳምንቱ ቅዳሜ እንድትመጣ እፈልጋለሁ፣ የማትመጣ ከሆነ አርብ ንገረኝ» አልኩት። ይህን ለማለት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል ብልሽ ታምኛለሽ? «እሺ የኔ ቆንጆ» አለ። አርብ አልደወለም፣ ቅዳሜ አልመጣም። ሰኞ «ሥራ በዝቶብኝ» አለ። ለእንጀራ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነበርኩ፣ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ከዚያ ቀለለ። አሁንም ስልኬ ሲጠራ ልቤ ዘሎ ይቀመጣል፣ አልዋሽሽም።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቤት ነው ያለው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ወርጄ ስለ ጓዳው ጠየቅኩት። ብዙ ዝም አለ። «ልጅ እንዲህ ያስተውላል እንዴ?» አለና ሬዲዮኑን ከፈተ። የበለጠ ነገር ጠብቄ ነበር። ግን ስወጣ እያነከሰ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስም ቆሞ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ሁሉ ስቆጥር የእኔን ደብተር ብቻ ነበር የማየው። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሦስት ዓመት ያለ አንድ ቃል የጠፋሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ በእህቴ ስልክ ሰላም ስትዪኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው በያት» ያልኩት እኔ ነኝ። በበርሽ ጀርባ ስንት ጭረት እንዳለ አላውቅም።

ብሎኩን አንስቻለሁ። እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት እደውልልሻለሁ። ካላነሳሽ አልቀየምም፣ የሚቀጥለው እሁድም 4 ሰዓት ነው።