ለአዘጋጁ፦ የ10 በመቶው ብድር ከ16 በመቶው ሲበልጥ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚነግድ የእህቴ ልጅ 120,000 ብር በሁለት ዓመት ለመበደር አስቦ ሁለት አበዳሪዎችን ጠይቆ ነበር። አንደኛው 10 በመቶ፣ ሌላው 16 በመቶ ወለድ ስላሉት፣ እንደ ማንኛችንም ወደ 10 በመቶው አዘነበለ።

የ10 በመቶው ወለድ ግን በመነሻው ብድር ላይ የሚታሰብ፣ ብዙዎች «ፍላት» የሚሉት ነው። በዓመት 12,000፣ በሁለት ዓመት 24,000 ብር ተደምሮበት ለ24 ወር ሲካፈል በየወሩ 6,000 ብር ይሆናል። የ16 በመቶው ወለድ የሚሰላው በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ብቻ በመሆኑ ወርሃዊ ክፍያው 5,876 ብር ገደማ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 3,000 ብር ይረክሳል።

ምክንያቱን ለማየት የመጨረሻውን ወር መመልከት ይበቃል። በፍላቱ ስሌት የቀረው ዋና ብድር 5,000 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ወለዱ እንደ መጀመሪያው ወር ያው 1,000 ብር ነው። የፍላቱ 10 በመቶ በቀሪ ዕዳ ስሌት ሲመነዘር 18 በመቶ ያልፋል።

ይኸው ፍላት ብድር ወደ ሦስት ዓመት ቢራዘም ወርሃዊው ክፍያ ወደ 4,333 ብር ዝቅ ስለሚል የቀለለ ይመስላል፤ ወለዱ ግን 36,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ተበዳሪ ከመፈረሙ በፊት የክፍያ ሠንጠረዡን ጠይቆ የወለዱ ዓምድ በየወሩ መቀነሱን ይመልከት፤ ዕዳውን ቀድሞ ቢዘጋ ያልደረሰው ወለድ ይቀነስለት እንደሆነም በጽሑፍ ያረጋግጥ። የእህቴ ልጅ ሠንጠረዡን ሲጠይቅ የተሰጠው የወሩ ክፍያ ብቻ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር