የግዕዝ ክበብ፦ የጫማ ካርቶኑ ዓመት

አምና ችግራችን አንድ ነበር። ልጆቹ 20 የግዕዝ ቃል ሸምድደው ፈተናውን ይደፍናሉ፤ በወሩ ስጠይቃቸው ግማሹ ጠፍቷል። ዘንድሮ ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀውን የካርድ ሳጥን ሞከርን።

እያንዳንዱ ልጅ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣና በአምስት ክፍል ከፈለው። የካርዱ ፊት ግዕዝ ነው፣ ጀርባው አማርኛ። አዲስ ቃል ከመጀመሪያው ክፍል ይነሳል። ልጁ ከመለሰው ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ ከሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየ2 ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየ4 ቀኑ፣ አራተኛውን በየሳምንቱ፣ አምስተኛውን በየ2 ሳምንቱ መከለስ ጀመርን። ካርዱን ከመገልበጥ በፊት መልሱን ጮክ ብሎ መናገር ግዴታ ነው። ካለበለዚያ ልጁ ጀርባውን አይቶ «አውቀው ነበር» ይላል።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው። በቀን 10 አዲስ ቃል ሰጠኋቸው። አንድ ቃል አምስቱን ክፍል ለመጨረስ ቢያንስ አምስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ውሎ አድሮ በቀን 50 ካርድ ይከመራል። ኅዳር ላይ ብዙዎቹ ሳጥኑን ቤት ጥለው መምጣት ጀመሩ። በቀን 4 ቃል ሳደርገው ክለሳው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

በአንድ ክፍል ክለሳዎች መካከል ያለውን የቀን ርቀትም አስተካከልነው። መለኪያችን ቀላል ነበር። ከአንድ ክፍል 10 ካርድ ወጥቶ አሥሩም ሳያስቡ ከተመለሱ ርቀቱ አጥሯል። ከ7 በታች ከተመለሰ ረዝሟል። 8 ወይም 9፣ ትንሽ ታስቦበት ሲመለስ፣ እሱን ነው የምንፈልገው። አራተኛው ክፍል በዚህ መለኪያ ከሳምንት ወደ 10 ቀን፣ አምስተኛው ወደ አንድ ወር ሄዱ። «ማይ»፣ ማለትም ውሃ፣ እና «ከልብ»፣ ማለትም ውሻ፣ ምንም አላስቸገሩም።

ያስቸገሩን «ሰአለ» እና «ሠዐለ» ናቸው። አንዱ ለመነ፣ ሌላው ሥዕል ሣለ። ሲነበቡ በጆሮ አይለዩም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሁለቱን ካርዶች እስከ የካቲት ድረስ ስድስት ጊዜ ወደ መጀመሪያው ክፍል መለሰቻቸው። እኔም ቶሎ ቶሎ ትከልሳቸው ብዬ በቀን ሁለቴ አደረግሁላት። ምንም ለውጥ የለም። ልጅቷ አልረሳችም፣ እያምታታች ነበር፤ ለመምታታት ደግሞ ቀን ማሳጠር መድኃኒት አይሆንም።

ካርዶቹን ቀደድንና አዲስ ጻፍን። በአንዱ ላይ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» አለ፤ ከቅዳሴ በልቧ የምታውቀው ልመና ነው። በሌላው ላይ «ሥዕል» ከሚለው ቃል አጠገብ ራሷ ትንሽ ሥዕል ሣለችበት። ለአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ ሳጥኑ ውስጥ አስቀረን፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጨመርን። ሰኔ ላይ ሁለቱም አምስተኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ።