ሪያል 40 ገባ ላልሽኝ

ይድረስ ሳውዲ ላለሽው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ገብቷል፤ እናትሽ ጋቢዋን አትጥልም።

ባለፈው «አባ፣ ሪያል 40 ብር ገብቷል፤ 1,000 ሪያል ስልክላችሁ 40 ሺህ ብር ብዬ በጀት ይዣለሁ» አልሽኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ነው በጽሑፍ የመጣሁት።

መጀመሪያ፣ ያ 40 ያንቺ ዋጋ አይደለም። ሰው የሚያወራው ዋጋ ነው። ያንቺ ዋጋ ከደረሰኙ ላይ ነው የሚወጣው። ላኪው ድርጅት በ38.50 መነዘረልሽ፣ 15 ሪያል ደግሞ የአገልግሎት ወሰደ እንበል። ከኪስሽ የወጣው 1,015 ሪያል፣ እኛ እጅ የገባው 38,500 ብር ነው። አካፍዪው፤ 37.90 ገደማ ይመጣል። «መላኪያ በነፃ» የሚሉትንም በዚሁ መንገድ ፈትሻቸው። ብዙ ጊዜ ያልጠየቁሽን ከምንዛሬው ላይ ይቀንሱታል።

ሪያል ወጣ ወረደ ሲባልም ሪያሉ ከቦታው አልተነሳም። እንደ ፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል ታስሯል። የሚንቀሳቀሰው ብራችን ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሪያል 15 ብር ማለት ነው። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ሪያል የሚልኩ ልጆች ያሏቸው ጎረቤቶቻችን ሀብታም የሆኑ መስሏቸው ነበር። ቆይቶ ዋጋው ሁሉ ተከትሎ ወጣ።

ሁሉም ወጪ ግን እኩል አይሮጥም። የወንድምሽ ትምህርት ቤት ክፍያና እቁብሽ ዓመቱን ሙሉ በብር ቆመው ይቆያሉ። የቤት አስቤዛውም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ሦስቱ ተደምረው በወር 23 ሺህ ብር ናቸው። እነዚህን በ37.90 ሳይሆን በ36 አስቢያቸው፤ 640 ሪያል ገደማ ይሆናል። ብር ትንሽ ቢጠነክር ወይም ምንዛሬው ቆሞ ጤፍ ቢጨምር እንዳትደነግጪ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ይረሳል። ምንዛሬው ወራት ሙሉ ባለበት ቆሞ የገበያው ዋጋ ከወጣ፣ ያው ሪያልሽ የሚገዛው እያነሰ ነው።

የምናሠራው ቤት ወጪ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሱቄ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው፤ ፌሮና ቆርቆሮ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሮጡት። እዚሁ አጠገባችን የሚመረተው ቆርቆሮ እንኳ ጥቅልሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቤቱን በጀት በብር አትያዢው። «ለጣሪያው ይህን ያህል ብር» ሳይሆን «ይህን ያህል ሪያል» በዪ። ከ1,015ቱ የተረፈሽን 375 ሪያል እዚያው በባንክሽ አቆዪውና የሚገዛው ዕቃ ሲደርስ በአንድ ላይ ላኪው። በየወሩ ለብቻው ከላክሽው 15 ሪያሏ በየጊዜው ትቆረጣለች። እኔም ብሩ እንደገባ በዚያው ሳምንት ዕቃውን እገዛበታለሁ። ብር ሆኖ አያድርም።

ይህን ስል ግን ሁሉንም ቀድመን እንግዛ ማለቴ አይደለም። ፌሮውን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ሸራ ካለበስነው ይቆያል። ሲሚንቶ አይሆንም። በደሴ እርጥበት ወራት ከከረመ ይጠጥራል። ከረጢቱን ስትነኪው ጠርዙ እንደ ድንጋይ ከሆነ፣ በእጅሽ ስትፈጪው የማይበተን ጓል ካለው፣ ለኮለን አትጠቀሚበት። ሲሚንቶ የሚገዛው ግንበኛው ሥራ ሊጀምር ሲል ነው። የግንበኛውና የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ደግሞ በብር ነው። ቀኑ ሲደርስ ይታሰባል።

ስለ እቁቡ። 12 ሰው፣ በወር 10 ሺህ ብር፤ ዕጣው 120 ሺህ ነው። ሪያል 38 እያለ አሁን ቢወጣልሽ 3,150 ሪያል ገደማ ያወጣል። መጨረሻ ላይ ቢደርስሽና ሪያል 44 ቢገባ 2,700 ገደማ ነው። እርግጥ መዋጮሽም በሪያል እየቀለለ ስለሚሄድ ጉዳቱ ያን ያህል አይሰፋም፤ ግን ወደ 200 ሪያል ትከስሪያለሽ። ብር ባይወርድ ኪሳራው የለም፤ ያንን ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ ዳኛውን አናግሬ ከመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች አንዱን እንዲሰጡሽ እጠይቃለሁ። ዕጣ የሚለውጥሽ ሰው ጉርሻ ቢፈልግ እስከ 5 ሺህ ብር ድረስ ስጪው። ከዚያ በላይ ከጠየቀ ይቅር።

አንቺ እስከዚያ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደረሰኞች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ትክክለኛውን ዋጋሽን ከእነሱ አወጣለሁ። ሰኞ ገበያ ስወጣ የ10 እና የ12 ቁጥር ፌሮ የበርጋውን ዋጋ ጠይቄ በሪያል እጽፍልሻለሁ። አብሽሪ።

አባትሽ፣ ከደሴ